በብድር የሚገዛ ማሽን፦ የዕዳ ሽፋን ምጣኔና የመክፈያ ሰሌዳ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፦ ዕቅዱን መረከብ

የካርቶን ሣጥን የሚያመርት አንድ ወርክሾፕ በብድር ማሽን ሊገዛ ነው። የእኔ ድርሻ የማመልከቻውን የቁጥር ክፍል መሥራት ነው። ማሽኑ ከነማጓጓዣው፣ ከነተከላውና ከመጀመሪያው መለዋወጫ ጋር 1 ሚሊዮን 250 ሺህ ይፈጃል። ባለቤቷ 250 ሺህ ከራሳቸው ያዋጣሉ፣ ቀሪውን 1 ሚሊዮን ይበደራሉ። ባንኩ ያቀረበው በዓመት 12 በመቶ ወለድ፣ 60 ወር፣ በየወሩ እኩል ክፍያ ነው። ገንዘቡ የየትም አገር ቢሆን ስሌቱ ያው ስለሆነ ማስታወሻውን ያለ ገንዘብ ስም እጽፋለሁ።

ባንኩ ዕቅዱን ሲከፍት በመጀመሪያ የሚፈልገው የዕዳ ሽፋን ምጣኔውን ነው፤ የብድር ክፍል ሰዎች ዲኤስሲአር ይሉታል። ንግዱ በዓመቱ ለዕዳ ሊያውለው የሚችለው ጥሬ ገንዘብ በዚያው ዓመት ለሚከፈለው ዋና ገንዘብና ወለድ ድምር ይካፈላል። ውጤቱ 1 ከሆነ የተረፈው ሁሉ ወደ ባንክ ሄዶ በእጅ የቀረ ነገር የለም። ከ1 በታች ከሆነ ጉድለቱ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። አበዳሪዎች በብዛት 1.20 ወይም 1.25 ይጠይቃሉ፤ ይህ ባንክ 1.20 ብሏል።

ከስሌቱ በፊት አንድ ጥያቄ ለባንኩ በጽሑፍ ላክሁ፦ 12 በመቶው የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በተሰጠው 1 ሚሊዮን ላይ እስከ መጨረሻው? ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በቀሪው ዕዳ ላይ ከሆነ የወር ክፍያው 22,244 ነው። በመነሻው ብድር ላይ ከሆነ በየዓመቱ 120 ሺህ ወለድ ይታሰብና የወር ክፍያው 26,667 ይደርሳል፤ ይህ ደግሞ በቀሪ ዕዳ ሲለካ ከ20 በመቶ በላይ ወለድ ነው። መልሱ «በቀሪው ዕዳ ላይ» የሚል ሆኖ መጣ። ወረቀቱን ከፋይሉ ጋር አያይዤዋለሁ።

ማክሰኞ፦ ከክፍልፋዩ መስመር በላይ ምን ይገባል?

ባለቤቷ ቀድመው የሠሩት ሠንጠረዥ አለ። በውስጡ ያለውን ቁጥር አልነካሁም፤ ሽያጩን ከነባር ደንበኞቻቸው የትዕዛዝ መጠን አንጻር አይቼዋለሁ፣ የተጋነነ አይደለም። ማሽኑ ሙሉ ዓመት በሚሠራበት በሁለተኛው ዓመት ሽያጩ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ነው። ጥሬ ዕቃ የሽያጩን 55 በመቶ ማለትም 990 ሺህ ይወስዳል። ደመወዝ 180 ሺህ፣ ኪራይ፣ ኤሌክትሪክና ጥገና በድምሩ 150 ሺህ ነው። የእርጅና ቅናሽ፣ ወለድና ግብር ሳይነሱ 480 ሺህ ይተርፋል።

ከዚህ ነጥብ ላይ ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ሽፋን ሊያወጣ ይችላል። ባለቤቷ ያወጡት ዝቅተኛውን ነበር። ከ480 ሺህ ላይ የማሽኑን የአሥር ዓመት የእርጅና ቅናሽ 125 ሺህ፣ የዓመቱን ወለድ 92 ሺህ፣ ከዚያም 30 በመቶ ግብር ቀንሰው 184 ሺህ የተጣራ ትርፍ አገኙ። ያንን ለዓመቱ ክፍያ ለ267 ሺህ ሲያካፍሉት 0.69 መጣ። «ይኼ ማሽን እኮ ራሱን አይከፍልም» አሉኝ። ነገር ግን የእርጅና ቅናሽ ከኪስ የወጣ ገንዘብ አይደለም፤ ማሽኑ ሲገዛ አንዴ የተከፈለ ነው። ወለዱም ከላይ ተቀንሶ ከታች በዓመቱ ክፍያ ውስጥ እንደገና ስላለ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል።

ማሽኑን የሚሸጠው ድርጅት ባመጣው ማሳያ ወረቀት ላይ ደግሞ 480ው በቀጥታ ለ267 ተካፍሎ 1.80 ይላል። ይህ ግብር የማይከፍልና ባለቤቱ የማይበላ ንግድ አሃዝ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ ግብሩን ከባንኩ ኋላ ተሰልፎ አይጠብቅም፤ ባለቤቷም በወር 5 ሺህ ለቤታቸው ይወስዳሉ፣ ሌላ ገቢም የላቸውም።

ስለዚህ ከመስመሩ በላይ ያስገባሁት እንዲህ ነው፦ 480 ሺህ፣ ሲቀነስ ግብር 79 ሺህ፣ ሲቀነስ ለባለቤቷ 60 ሺህ። ግብሩ ሲሰላ ግን የእርጅና ቅናሹና ወለዱ ተቀናሽ ይሆናሉ፤ የሁለቱ ቦታ እዚያ ነው። 341 ሺህ ይቀራል፤ ለ267 ሲካፈል 1.28 ነው። ንግዱ አንድ፣ ማሽኑ አንድ፣ ውጤቱ 0.69፣ 1.80 እና 1.28። ለዚህ ነው ከዛሬ ጀምሮ በዕቅዱ ላይ ምጣኔው በተጻፈበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ ምን ተደምሮ ምን እንደተቀነሰ የሚገልጽ አንድ መስመር የማስቀምጠው።

ረቡዕ፦ ሰሌዳውን መዘርጋት

የመክፈያ ሰሌዳው ስድሳ ረድፍ ያለው ቀላል ሠንጠረዥ ነው፦ የወሩ መጀመሪያ ዕዳ፣ ክፍያ፣ ከክፍያው ወለዱ፣ ከክፍያው ዋናው ገንዘብ፣ የወሩ መጨረሻ ዕዳ። የተጠቀምኩባቸው ቀመሮች እነዚህ ናቸው፤ B2 ብድሩ፣ B3 የዓመት ወለዱ፣ B4 የወራት ብዛት፣ A10 የወሩ ተራ ቁጥር ነው።

```
=PMT($B$3/12,$B$4,-$B$2)
=IPMT($B$3/12,A10,$B$4,-$B$2)
=PPMT($B$3/12,A10,$B$4,-$B$2)
```

ሰሌዳው ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሁለት ቦታ ማየት ይበቃል። የመጀመሪያው ወር ወለድ የብድሩ አንድ በመቶ፣ ማለትም 10 ሺህ መሆን አለበት። የስድሳኛው ወር መጨረሻ ዕዳ ደግሞ ዜሮ መሆን አለበት። ሳንቲሞች ቢቀሩ ከማጠጋጋት የመጣ ነው፤ ሺዎች ቢቀሩ ግን አንድ ረድፍ ተዘሏል። የመጀመሪያው ወር ወለድ 120 ሺህ ቢወጣ ደግሞ የዓመቱ ወለድ ለ12 ሳይካፈል ገብቷል።

በመጀመሪያው ዓመት ከሚከፈለው 267 ሺህ ውስጥ 112 ሺህ ያህሉ ወለድ ነው፤ ከዋናው የሚነሳው 155 ሺህ ብቻ ነው። ባለቤቷ ይህን ሲያዩ «ታዲያ ዋናውን በእኩል ከፍለን ወለዱን እየቀነስን ብንሄድ አይሻልም?» ብለው ጠየቁ። ያ አማራጭ በጠቅላላው 30 ሺህ ያህል ወለድ ያድናል። ግን የመጀመሪያው ወር ክፍያ 26,667 ይሆንና የመጨረሻው 16,833 ይሆናል። ከባዱ ክፍያ የሚያርፈው ማሽኑ ገና ባልተለማመደበት ጊዜ ላይ ነው። ገቢው ዛሬም ላለ፣ ብድሩ ማስፋፊያ ብቻ ለሆነ ንግድ እመርጠው ነበር፤ ለዚህኛው አልመረጥኩትም።

ሐሙስ፦ ወር በወር

እስካሁን የተሠራው ሁሉ የዓመት ስሌት ነው። ባንኩ የሚጠይቀውም የዓመቱን ነው። ወርክሾፑን የሚጥለው ግን ወሩ ነው፤ ዛሬ ወደዚያ ገባሁ።

የጊዜ ቅደም ተከተሉን ከአቅራቢው ውል ላይ አወጣሁ። ባንኩ ገንዘቡን ለአቅራቢው ከለቀቀበት ቀን ጀምሮ ማሽኑ እስኪመጣ፣ እስኪተከልና እስኪሞከር አራት ወር ይፈጃል። ምርት የሚሸጠው ከአምስተኛው ወር ነው፤ መጀመሪያ 60 ሺህ፣ ቀጥሎ 90፣ ቀጥሎ 120፣ ከስምንተኛው ወር ጀምሮ ሙሉው 150 ሺህ። ደንበኞቹ ፋብሪካዎች በመሆናቸው የሚከፍሉት ከወር በኋላ ነው። የካርቶን ወረቀት ሻጮች ግን ገንዘባቸውን በቅድሚያ ይፈልጋሉ፤ የሚቀጥለው ወር ወረቀት ዛሬ መከፈል አለበት። እስከ ሦስተኛው ወር የቦታ ኪራይና ጥበቃ 7,500 ይወጣል፤ ከአራተኛው ጀምሮ ሠራተኞች ለሥልጠና ስለሚገቡ ቋሚ ወጪው 27,500 ይሆናል። ባለቤቷ እስከ ስምንተኛው ወር ምንም እንደማይወስዱ ተስማምተዋል።

ያለ እፎይታ ጊዜ ክፍያው ከመጀመሪያው ወር ቢጀምር ጉድለቱ እየተጠራቀመ 381 ሺህ ይደርሳል። ስለዚህ የስድስት ወር እፎይታ እንጠይቃለን፤ በዚያ ጊዜ ወለዱ ብቻ በወር 10 ሺህ ይከፈላል። ወለዱም ሳይከፈል ወደ ዋናው የሚደመርበት ዓይነት አለ፤ እሱ ከሆነ በስድስት ወር ዕዳው ወደ 1 ሚሊዮን 61,520 ያድጋልና የወር ክፍያው አብሮ ያድጋል። ውሉ የትኛውን እንደሚል ማንበብ ያስፈልጋል።

ከእፎይታው በኋላ 60 ክፍያ በሚቀጥልበት ሰሌዳ የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲህ ይመስላሉ። ቁጥሮቹ በሺህ ናቸው።

| ወር | የገባ | ለሥራ የወጣ | ለባንክ | የተጠራቀመ ጉድለት |
|---|---|---|---|---|
| 1 | 0 | 7.5 | 10 | 17.5 |
| 2 | 0 | 7.5 | 10 | 35 |
| 3 | 0 | 7.5 | 10 | 52.5 |
| 4 | 0 | 60.5 | 10 | 123 |
| 5 | 0 | 77 | 10 | 210 |
| 6 | 60 | 93.5 | 10 | 253.5 |
| 7 | 90 | 110 | 22.2 | 295.7 |
| 8 | 120 | 110 | 22.2 | 308 |
| 9 | 150 | 115 | 22.2 | 295.2 |

የጉድጓዱ ጥልቀት 308 ሺህ ነው። በዕቅዱ የመጀመሪያ ቅጂ ላይ ለዚህ የተያዘ አንድም ቁጥር የለም። ማሽኑ ተገዝቶ፣ ተተክሎ፣ ወረቀት የሚገዛበት ገንዘብ ሳይኖር ይቀመጥ ነበር ማለት ነው። በመሣሪያ ብድር ላይ ደጋግሜ የማየው ችግር ይህ ነው፤ ማሽኑ ዋጋው በደረሰኝ ስለሚታወቅ ይታሰባል፣ የሥራ ማስኬጃው ደረሰኝ ስለሌለው ይረሳል።

ሠንጠረዡ ሌላም ነገር ያሳያል። እፎይታው የሚቆጠረው ማሽኑ መሥራት ከጀመረበት ቀን ሳይሆን ባንኩ ገንዘቡን ከለቀቀበት ቀን ነው። ከስድስቱ ወር አራቱ በማጓጓዝና በተከላ አለቁ። ሙሉው ክፍያ የሚጀምረው የደንበኞች ገንዘብ መግባት በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ ሽያጩ ገና ሙሉ ሳይሆን ነው። ማሽኑ ሁለት ወር ቢዘገይስ ብዬ አሰላሁት፦ ጉድጓዱ ወደ 367 ሺህ ይጠልቃል። የባሕር ጭነትና የጉምሩክ ሥራ ያለበት ግዢ ሁለት ወር መዘግየቱ የሚያስደንቅ ስላልሆነ የማቅደው በዚህኛው ቁጥር ነው።

አርብ፦ እፎይታው ዕዳውን የት ይወስደዋል?

ከባንኩ ጋር የተነጋገርነው ስድስቱ የእፎይታ ወራት ከስድሳው ውስጥ ናቸው ወይስ ከስድሳው በላይ በሚለው ላይ ነበር። መጀመሪያ ያቀረቡልን ከስድሳው ውስጥ የሚለውን ነው። ያኔ 1 ሚሊዮኑ በ54 ክፍያ ማለቅ ስላለበት የወር ክፍያው ወደ 24,057 ያድጋል። የሁለተኛው ዓመት ክፍያ 289 ሺህ ይሆንና ሽፋኑ ከ1.28 ወደ 1.19 ይወርዳል። ባንኩ ራሱ ከጠየቀው 1.20 በታች ማለት ነው። ያው ባንክ በአንድ እጁ የሰጠን እፎይታ በራሱ መለኪያ ሊጥለን ነው።

ይህንን ሠንጠረዥ ለብድር ባለሙያው አሳየሁት። «ክፍያዎቹ 60 ይሁኑ፣ እፎይታው ከላይ ይጨመር» አልኩት፤ ጠቅላላው 66 ወር። የወር ክፍያው ወደ 22,244 ይመለሳል፣ የሁለተኛው ዓመት ሽፋን 1.29 ይሆናል። የዚህ ምቾት ዋጋ ግልጽ ነው፤ በጠቅላላ የሚከፈለው ወለድ ያለ እፎይታ 335 ሺህ የነበረው 395 ሺህ ይሆናል። በትክክል ስድስት ጊዜ 10 ሺህ። ባለሙያው መያዣው 66 ወር ሙሉ ጸንቶ መቆየቱን አረጋግጦ ተስማማ። የመድን ዋስትናውም በዚያው ልክ መራዘም ስላለበት የዓመት ክፍያውን በጥገናው መስመር ውስጥ መኖሩን አየሁ፤ አለ።

ባለቤቷ እፎይታው ለምን ዘጠኝ ወር አይሆንም ብለው ነበር። ተጨማሪ ሦስት ወር 30 ሺህ ወለድ ያስከፍላል። የጉድጓዱን ጥልቀት ግን የሚያቃልለው በ24,500 ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ጥልቁ ቦታ ስምንተኛው ወር ላይ ስለሆነ የሚጠቅሙት የሰባተኛውና የስምንተኛው ወር ቅናሽ ብቻ ናቸው። በአንጻሩ የወረቀት ሻጩ የሠላሳ ቀን ዱቤ ቢሰጥ ጉድጓዱ በ82,500 ይቀንሳል፣ ያለ ምንም ወለድ። የወር ወረቀት ዋጋ ያህል ማለት ነው። ስለዚህ «ባንኩን ትተው ሻጩን ያነጋግሩ» አልኳቸው። እኔ እንደማየው ብዙ ሰው ከባንክ ጋር በመከራከር የሚያጠፋውን ጉልበት ግማሹን ከአቅራቢው ጋር ቢያጠፋው የበለጠ ያተርፍ ነበር።

ሰኞ፦ ጉድጓዱን በምን እንሙላ?

የወረቀት ሻጩ የሠላሳ ቀን ዱቤ በጽሑፍ ሰጠ፤ ባለቤቷ ለብዙ ዓመት የቆዩ ደንበኛው ናቸው። አሁን ማሽኑ በጊዜው ከመጣ ጉድጓዱ 225 ሺህ፣ ሁለት ወር ከዘገየ 285 ሺህ ነው። 285ን ያዝኩ።

ባለቤቷ ያመጡት ሐሳብ የአንድ ዓመት አጭር ብድር ነበር። «ሥራው ከጀመረ በኋላ ወዲያው እመልሰዋለሁ» አሉ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በሁለተኛው ዓመት ግብር፣ የባንክ ክፍያና የባለቤቷ ድርሻ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው 77 ሺህ ብቻ ነው። 285 ሺህ በዚያ ዓመት ይመለስ ቢባል፣ ወለዱን እንኳ ሳንቆጥር፣ የዓመቱ ክፍያ 552 ሺህ ይደርሳል፤ ሽፋኑ 0.62 ይሆናል። ወርክሾፑ ትዕዛዝ ሞልቶት፣ ማሽኑ ሌሊትና ቀን እየሠራ ክፍያ ያቅተዋል።

ምክንያቱ የዚህ ገንዘብ ጠባይ ነው። 150 ሺህ የሚሆነው ደንበኞች ዘንድ ያለ ተሰብሳቢ ሆኖ ተቀምጧል። የጥር ወር ተሰብሳቢ ሲገባ የየካቲት ይተካዋል። ሽያጩ እስካለ ድረስ ያ ገንዘብ ወደ እጅ አይመለስም፤ ሥራው ሲቆም ብቻ ነው የሚመለሰው። የማይመለስ ገንዘብ በዓመት በሚመለስ ብድር አይሸፈንም። ወይ ከባለቤቱ ካፒታል መምጣት አለበት፣ ወይ እየወጣና እየገባ በየዓመቱ በሚታደስ የኦቨርድራፍት ገደብ፣ ወይም በረጅሙ ብድር ውስጥ ተካቶ።

ሦስተኛውን ሞከርኩት። ሙሉውን 285 ሺህ በረጅሙ ብድር ላይ ብንጨምር የወር ክፍያው 28,584 ይሆናል፤ የዓመቱ 343 ሺህ። የሁለተኛው ዓመት ሽፋን ከ1.03 አይበልጥም። ስለዚህ አልሆነም። የመጨረሻው መፍትሔ የባለቤቷና የወንድማቸው ሆነ፦ ወንድማቸው 285 ሺህ አምጥተው የድርጅቱ ድርሻ ባለቤት ይሆናሉ። ባንኩ ይህንን እንደ ብድር እንዳይቆጥረው ገንዘቡ በካፒታል መዝገብ ተመዝግቦ፣ የባንኩ ዕዳ እስኪያልቅ እንደማይወጣ የሚገልጽ ደብዳቤ ተፈረመ። የዕቅዱ ጠቅላላ ወጪም ከ1 ሚሊዮን 250 ሺህ ወደ 1 ሚሊዮን 535 ሺህ ተለወጠ።

የመጀመሪያው ዓመት ሽፋን ግን በምንም መንገድ 1 አይደርስም፤ በዓመቱ ውስጥ ከሥራው የሚገኘው ገንዘብ ለተሰብሳቢው መሙያ ይበቃል እንጂ ለባንክ አይተርፍም። ይህንን በዕቅዱ ላይ በግልጽ ጻፍኩ፦ የመጀመሪያው ዓመት የባንክ ክፍያ 193 ሺህ የሚሸፈነው ከካፒታል ነው፣ ሽፋን የሚለካው ከሁለተኛው ዓመት ነው። ጥሩ የብድር ባለሙያ በመጀመሪያው ዓመት 1.4 የሚል ቁጥር ካየ ማሽኑ ሳይተከል ሽያጭ እንደተቆጠረ ወዲያው ይገባዋል።

ማክሰኞ፦ ዓመት በዓመት፣ ከዚያም ፈተናው

ሽያጩም ወጪውም ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ሳይለወጥ እንዲቆይ አድርጌ እስከ አምስተኛው ዓመት ሄድኩ። የመጀመሪያውን ዓመት ኪሳራ ለግብር ቅናሽ አልተጠቀምኩበትም። ቁጥሮቹ በሺህ ናቸው።

| ዓመት | ወለድ | ግብር | ለዕዳ የሚውል | የዓመቱ ክፍያ | ሽፋን |
|---|---|---|---|---|---|
| 2 | 102 | 76 | 344 | 267 | 1.29 |
| 3 | 81 | 82 | 338 | 267 | 1.27 |
| 4 | 58 | 89 | 331 | 267 | 1.24 |
| 5 | 31 | 97 | 323 | 267 | 1.21 |

ብዙ ሰው ዕዳው እያለቀ ሲሄድ ሽፋኑ የሚሻሻል ይመስለዋል። እዚህ ግን ይወርዳል። የወር ክፍያው አንድ ዓይነት ነው፣ በውስጡ ያለው ወለድ ግን ይቀንሳል፤ ወለድ ሲቀንስ ግብር የሚታሰብበት ትርፍ ያድጋል፣ ግብሩም ያድጋል። ደካማው ዓመት አምስተኛው ነው። የአራቱ ዓመት አማካይ 1.25 ነው ብሎ ማቅረብ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ባንኩ ክፍያውን የሚቀበለው ከአማካዩ አይደለም። በሽፋን ገጹ ላይ ያሰፈርኩት ዝቅተኛውን፣ 1.21ን ነው።

ፈተናውንም ያካሄድኩት በዚሁ ዓመት ላይ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ሽፋኑ 1 ላይ እስኪደርስ ነገሮች ምን ያህል ሊበላሹ ይችላሉ? የሚሸጠው ሣጥን ብዛት በ10 በመቶ ያህል ቢቀንስ እዚያ ይደርሳል። ብዛቱ ሳይቀንስ የወረቀቱ ዋጋ በ8 በመቶ ቢጨምርና ጭማሪውን ለደንበኛ ማሳለፍ ባይቻል እዚያው ይደርሳል። የሣጥኑ መሸጫ ዋጋ ግን በ4.4 በመቶ ብቻ ቢወርድ ይበቃል። ሣጥን ሳይሸጥ ሲቀር ወረቀቱም አይገዛም፤ ዋጋ ሲወርድ ግን ወረቀቱ እንዳለ ተገዝቶ የጎደለው በሙሉ ከትርፍ ላይ ይነሳል። የወለዱን መጠን ከ12 ወደ 15 በመቶ ባደርገው ሽፋኑ 1.14 ይሆናል፤ ከባንኩ ገደብ በታች ቢሆንም ክፍያው አይቋረጥም።

ባለቤቷ ለሁለት ትልልቅ ደንበኞች የ5 በመቶ ቅናሽ ሊሰጡ አስበው ነበር፣ አዲሱ ማሽን ይሞላል ብለው። ቁጥሩን ካዩ በኋላ ቅናሹን ትተው በምትኩ የማድረሻ ቀኑን ሊያሳጥሩላቸው ወሰኑ። ያ ደግሞ የማሽኑ ፍጥነት የሚሰጣቸው ነገር ስለሆነ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

ረቡዕ፦ ውሉን ማንበብ

የብድር ውሉ ረቂቅ መጣ። በየዓመቱ መጨረሻ ሽፋኑ ከ1.20 በታች ከወረደ ባንኩ ቀሪውን ዕዳ በአንድ ጊዜ የመጠየቅ መብት አለው የሚል አንቀጽ አለው። ሽፋኑ እንዴት እንደሚሰላ ግን አልተጻፈም፤ «ከሥራ የተገኘ ገንዘብ» ይላል ብቻ። ተሰብሳቢው በዓመቱ መጨረሻ ላይ በአንድ ደንበኛ መዘግየት ምክንያት ቢያድግ ምጣኔው የሚወርድበት አንዱ ስሌት ነው፣ የማይወርድበት ሌላው ስሌት። የእኛን የስሌት መስመር ቃል በቃል አባሪ አድርጌ ላክሁ፤ ልኬቱም ከሁለተኛው ዓመት እንዲጀምር፣ ሽፋኑ ከወረደም ከመጠየቁ በፊት ጉድለቱን በካፒታል ለመሙላት 60 ቀን እንዲሰጥ ጠየቅሁ። አባሪውንና የልኬቱን መጀመሪያ ተቀበሉ፤ ቀኑን ወደ 45 አወረዱት።

የመጨረሻው ጉዳይ የባለቤቷ የወር ድርሻ ነበር። ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ከፍ ይበል ብለው ጠይቀዋል፤ አምስት ሺህ ለቤት እንደማይበቃ አውቃለሁ። በወር የሚጨመር እያንዳንዱ 1 ሺህ በዓመት 12 ሺህ ስለሆነ ሽፋኑን በ0.045 ያወርደዋል፤ በአምስተኛው ዓመት 1.21 የነበረው 1.16 ይሆናል። ስለዚህ ጭማሪው ከሽያጩ ጋር ታሰረ፦ ከ1 ሚሊዮን 800 ሺህ በላይ በሚሸጥ በየ100 ሺሁ፣ ወረቀትና ግብር ተነስቶ 31,500 ስለሚተርፍ፣ ከዚያ ላይ በወር 1 ሺህ መጨመር ይችላሉ። ባለቤቷና ወንድማቸው ፈረሙበት፣ ከሰሌዳው ኋላ ተያይዞ ዛሬ ከሰዓት ወደ ባንኩ ሄደ።